የአፓርታማ ጉብኝት ቀን፦ በራሪ ወረቀቱና ቴሌግራሙ ምን ምን ይሥሩ?

አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተጠናቆ ለገበያ ሲቀርብ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ገዢዎች መጥተው እንዲያዩት የሚጋብዝበት ቀን፣ ለማስታወቂያ ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስድ ቀን ነው። በአዲስ አበባ ይህ ዓይነቱ ዝግጅት የተለመደ ሆኗል። የሽያጭ ወኪሎች በየራሳቸው የቴሌግራም ገጽ ይለጥፋሉ፣ በራሪ ወረቀት በየመስቀለኛ መንገዱ ይበተናል፣ የሕንፃው ምስልም በኮምፒውተር ተውቦ ይወጣል። ከቀኑ በኋላ ግን ባለቤቱ ሊመልሰው የማይችለው አንድ ጥያቄ ይቀራል። ውል የፈረመው ሰው በየትኛው ማስታወቂያ መጣ?

ጥያቄው በትልቅ ከተማ ቢድበሰበስም በአነስተኛ ከተማ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለአብነት በካፋ ዞን ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሺሺንዳን መውሰድ ይቻላል። እንዲህ ባለች የቡና ከተማ አፓርታማ ለመግዛት አቅሙ ያላቸው ቤተሰቦች ቁጥር ውስን ነው። እነሱም እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። አንድ ጊዜ ተጋብዘው መጥተው ውኃ የማይወርድበት ቧንቧና መደገፊያ ያልተገጠመለት ደረጃ ካዩ፣ ወሬው በሳምንቱ ከተማውን ያዳርሳል። ሁለተኛ ጥሪ የሚሰማቸውም አይገኝም።

ከዚህ በታች የቀረበው ስሌት ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ሺሺንዳ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ እንበል። ምድር ቤቱ ሱቆች ሲሆኑ፣ ከላይ ባሉት አራት ፎቆች በእያንዳንዳቸው አራት አራት፣ በድምሩ 16 አፓርታማዎች አሉ። ባለቤቱ የጉብኝት ቀኑን ጥር 16 አድርጓል።

ስሌቱ ከደረጃው ይጀምራል

ብዙዎች ዕቅዳቸውን የሚጀምሩት «ስንት በራሪ ወረቀት እናሳትም?» በሚል ጥያቄ ነው። ትክክለኛው መነሻ ግን ሕንፃው በአንድ ቀን ስንት ሰው በሥርዓት ማስተናገድ ይችላል የሚለው ነው። አስጎብኚ ያጣ ጎብኚ ብቻውን እየዞረ የሚያየው የግድግዳውን ስንጥቅ ብቻ ነው። ደረጃ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት የጠበቀ ነጋዴም ሱቁን ትቶ ስለመጣ ተቆጥቶ ይመለሳል።

በምሳሌው ሕንፃ ለጉብኝት የተዘጋጁት ሁለት አፓርታማዎች ናቸው። አንዱ ባለ ሁለት፣ ሌላው ባለ ሦስት መኝታ ነው። አንድ አስጎብኚ በአንድ ጊዜ ስድስት ሰው ይዞ፣ ክፍሎቹን አሳይቶ፣ ጥያቄ መልሶ ለመውጣት 15 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ይህ ለአንድ አፓርታማ በሰዓት 24 ሰው፣ ለሁለቱ 48 ሰው ማለት ነው። በሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተከፍቶ ለምሳ አንድ ሰዓት ቢዘጋ፣ የሥራው ሰዓት ስድስት ይሆናል። በወረቀት ላይ 288 ሰው ይገባል።

ሆኖም ሰው እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። ጠዋት ገበያውን የከፈተ ነጋዴ ረፋድ ላይ ይመጣል፣ ደመወዝተኛው ከሰዓት በኋላ ይበዛል፣ በመካከሉ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈትተው የሚቆሙበት ጊዜ ይኖራል። በመሆኑም ከሙሉው አቅም 60 በመቶ ያህሉን ወስዶ 170 ሰው ገደማ ማቀድ ይሻላል። ቤት የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ፣ ከወንድሙ ወይም ከልጁ ጋር ስለሚመጣ፣ ይህ ወደ 75 ቤተሰብ ይጠጋል። የማስታወቂያው ግብ እንግዲህ ይኸው 75 ቤተሰብ ነው። ከዚያ በላይ መጥራት በገዛ ገንዘብ ሰልፍ መግዛት ይሆናል። የሚጠበቀው ሰው ከዚህ ከበለጠ ደግሞ መፍትሔው ሁለተኛ ቀን መጨመር ነው።

ለምን ጥር?

በካፋ አካባቢ ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት ረጅም ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በአንፃሩ ደረቅ ነው። ያልተነጠፈ የሕንፃ ግቢ በዝናብ ቀን ለጉብኝት ቢከፈት ጭቃው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ከዚህም ሌላ የቡና ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ስለሚካሄድ፣ የአካባቢው ገንዘብ በጥር ወር በእጅ ላይ ይገኛል። በለቀማው መሐል ነጋዴውን መጋበዝ ግን ጊዜም ገንዘብም የሌለውን ሰው መጋበዝ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ይውላሉ። በእነዚህ ቀናት መካከል አዲስ አበባና ጅማ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ወደ ቤተሰባቸው ይመጣሉ። ቤቱን ራሳቸው ባይገዙ እንኳ ለአባታቸው ወይም ለወንድማቸው ገንዘብ የሚያዋጡት እነሱ ናቸው። በራሪ ወረቀቱ እጃቸው የሚገባው በዚህ ሰሞን ነው። ታቦት በሚሸኝበት ሕዝብ መካከል ወረቀት መበተን ግን በየትኛውም ከተማ አይመከርም። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ማዳረስና በከተራና በጥምቀት ዕለት ማቆም ተገቢ ነው።

የሥራ ክፍፍል

በራሪ ወረቀትና ማኅበራዊ ሚዲያ አንዱ ሌላውን የሚተካ አይደለም። በራሪ ወረቀት የሚደርሰው በእግሩ ሊመጣ ለሚችል ሰው ነው። ቤት ይገባል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ስልክ የማይነካ አባት ያነበዋል፣ ቤተሰብ ይወያይበታል። ቴሌግራምና ፌስቡክ በበኩላቸው ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ጅማና አዲስ አበባ ላለው ሰው የሕንፃውን ውስጥ ያሳያሉ። ቀኑ ቢለወጥም በአንድ ሰዓት ያሳውቃሉ። የታተመ ወረቀት ግን አይታረምም።

በመሆኑም በወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው የማይለወጠው ነገር ነው፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የመኝታ ክፍሉ ብዛት፣ ስልኩ። የሚለዋወጠው ማለትም የቀሩት ቤቶች ብዛት፣ የክፍያው አከፋፈልና የወለሉ ፕላን በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱ ወደ ቻናሉ ይመራል፣ ቻናሉም ወደ ስልኩ። የቲክቶክ አጭር ቪዲዮም የሚጠቅመው ተመልካቹን ወደዚሁ ቻናል ከመለሰ ነው። ኔትወርክ በሚደካከምበት አካባቢ ቪዲዮው ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥና መጠኑ ተቀንሶ ቢጫን ይሻላል። ተከፍቶ ሳያልቅ የሚቆም ቪዲዮ አልታየም ማለት ነው።

በራሪ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ለዚህ ሥራ ኤ5 የሚባለው መጠን ይበቃል። ከአንድ ኤ3 ወረቀት አራት ስለሚወጣ 1,200 በራሪ ለማሳተም 300 ኤ3 ወረቀትና ለብልሽት የሚሆን ጥቂት ትርፍ ያስፈልጋል። ለጥቂት መቶ ቅጂ ዲጂታል ሕትመት ያዋጣል። በሺህ የሚቆጠር ከሆነ የፕሌቱ ወጪ በብዙ ቅጂ ስለሚካፈል ኦፍሴት ይረክሳል።

ፊት ለፊት የሚወጣው ምስል ሕንፃው አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሊሆን ይገባል። በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ዛፍና መኪና ይጨምራል፣ ጎብኚው ግን መጥቶ የሚያየው ባዶ ግቢ ነው። በምስሉና በእውነቱ መካከል ያለው ልዩነት መጀመሪያ የሚነካው ዋጋውን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ሲሆን፣ በራሪ ወረቀትንና ድምፅ ማጉያንም ከውጭ ማስታወቂያ ተራ መድቧቸዋል። ስለዚህ ከመበተኑ በፊት ከከተማው አስተዳደር ጋር መነጋገርና በሰው አጥር ላይ ሳያስፈቅዱ አለመለጠፍ ይገባል። «ለመጡ ሁሉ የዕጣ ሽልማት» የሚል ማባበያም የሎተሪ ሥራን ከሚቆጣጠረው የመንግሥት ተቋም ፈቃድ ካልተያዘበት በቀር ከወረቀቱ መውጣት አለበት።

ስፋቱ ሲጻፍ የተጣራው የውስጥ ስፋት ስንት እንደሆነና የጋራ መተላለፊያው ድርሻ ተደምሮበት እንደሆነ በግልጽ መለየት አለበት። «110 ካሬ» ተብሎ ተጽፎ ሜትር የያዘ ጎብኚ ከውስጥ 92 ካሬ ቢያገኝ፣ ስለ ቀሪው ማብራሪያ ቢሰጠው እንኳ አያምንም። «ካርታ ያለው» የሚለው ሐረግም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የግንባታው ቦታ ካርታ አንድ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ አፓርታማ የራሱ የባለቤትነት ማስረጃ ማግኘቱ ሌላ ነገር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የተለየውን ቤትና የጋራውን ክፍል ለይቶ የደነገገው ለዚሁ ነው። ሕንፃው በዚህ መንገድ ካልተመዘገበ ወረቀቱ ላይ መጻፍ የሚቻለው ያለው ሰነድ ስሙ ብቻ ነው።

አቅጣጫው በሚታወቅ ምልክት ይነገር። የቤት ቁጥር አይጠቅምም። መናኸሪያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ባንኩ፣ ከዋናው መንገድ በስተቀኝ ወይስ በስተግራ የሚለው ይበቃል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም ብዙ የአካባቢው ሰው በቤቱ የሚናገረው ካፊ ኖኖ ነው። በአንደኛው ገጽ አማርኛ፣ በሌላው ካፊ ኖኖ ቢታተም ወረቀቱ እናት ዘንድም ይደርሳል። ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አንድ የቋንቋው መምህር ሳያየው ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ የለበትም።

ከማተሚያ ቤት የሚመጣው ስህተት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ጽሑፉ በአንድ የግዕዝ ፎንት ተሠርቶ ይሄዳል፣ ማተሚያ ቤቱ ያ ፎንት የለውም፣ ፊደሉ ወደ ሌላ ምልክት ይለወጣል። ፋይሉን ፎንቱን በያዘ ፒዲኤፍ መላክ ይህን ያስቀራል። ከዚያም አንድ ናሙና ታትሞ ባለቤቱ ራሱ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር እያነበበ ይደውል። ከራሱ ማስታወሻ የደወለ ሰው የተሳሳተውን አኃዝ አይደርስበትም። ስልኩ ከጠራና መልስ ሰጪው «ጤና ይስጥልኝ» ካለ ነው ፊርማው የሚቀመጠው።

የሰዓት ወጥመድ

በኢትዮጵያ ለሚዘጋጅ የጉብኝት ቀን የተለየ አንድ ወጥመድ አለ። ወረቀቱ «ጥር 16 ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይላል። ፌስቡክ ላይ ዝግጅቱን የሚመዘግበው ሰው ግን በጎርጎርዮሳዊው ቀንና በፈረንጅ ሰዓት መሙላት ግድ ይሆንበታል። 3 ሰዓት ብሎ 3 ሲሞላ ጥሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ጥር 16 በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 24 ሲውል፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 25 ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ሊመጣ ያሰበ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሁሉም ቦታ የሳምንቱ ቀን በስሙ ይጻፍ፣ ሰዓቱም «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ተብሎ ይገለጽ። በማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ሁለቱም ቀናት ጎን ለጎን ይቀመጡ። «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ከየትኛውም አኃዝ ይልቅ ስህተት ይከላከላል።

የቀን መቁጠሪያው

ዕቅዱ ከጉብኝቱ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይወጣል። ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ ማለትም ታኅሣሥ 4 ላይ፣ ሁለቱ የሚታዩት አፓርታማዎች መጠናቀቃቸው ይረጋገጣል። ቧንቧ ይከፈታል፣ መብራት ይበራል፣ መጸዳጃ ቤት ይፈተሻል። በዚያን ዕለት ውኃው የማይወርድ ከሆነ ማስታወቂያው አይጀመርም። ቀኑ ይዘገያል። ይህን ውሳኔ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ መወሰን በጣም ከባድ ነው።

አራት ሳምንት ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 18 ላይ፣ ለሙከራ 300 በራሪ ብቻ ይታተማል። ቻናሉም ይከፈታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚመጡት ጥሪዎች ይመዘገባሉ። ሰዎች ስልክ ደውለው የሚጠይቁት ነገር ወረቀቱ ላይ የጎደለውን ያሳያል። አሥር ሰው ደውሎ ስምንቱ «ዋጋው ከስንት ይጀምራል?» ካለ፣ ዋናው ሕትመት ላይ መነሻ ዋጋው ይጨመራል። የቀሩት 900 የሚታተሙት ከዚህ እርማት በኋላ ነው።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከጥር 2 ጀምሮ፣ ዋናው ሥርጭት ይካሄዳል። በከተማው የገበያ ቀን ገበያ ላይ፣ በሌላ ቀን መናኸሪያ፣ ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች አካባቢ ይዳረሳል። የጉብኝቱ ቀን ራሱ ግን ከገበያ ቀን ጋር ባይገጣጠም ይሻላል። ገበያ ያለበት ነጋዴ ሱቁን አይዘጋም። ጥር 15 ላይ፣ ከዋናው ቀን አንድ ቀን በፊት፣ ለደላሎች ብቻ ጉብኝት ይደረጋል። ደላላው ቤቱን በዓይኑ ካላየ የሚያስተላልፈው የሰማውን ነው። የሰማውም ዋጋ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ሲዛወር ይጨምራል። ስለዚህ በዚያን ቀን ለሁሉም አንድ የታተመ የዋጋ ዝርዝር ይሰጣል፣ የኮሚሽኑ መጠንም በጽሑፍ ይነገራል። ከዚህም በላይ «ደንበኛው የማን ነው?» የሚለው ጠብ እንዳይነሣ፣ ደላላው የሚያመጣውን ሰው ስም አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ ይደረጋል።

ገዢ ከየት መጣ?

የማስታወቂያው ውጤት የሚለካው በምልክት ነው። በበራሪው ጥግ ላይ በትንሹ አንድ ፊደል ይታተማል። ገበያ ላይ የሚበተነው ሀ፣ መናኸሪያ ላይ የሚበተነው ለ፣ በመሥሪያ ቤቶች የሚታደለው ሐ፣ ቦንጋ የሚላከው መ። ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሰው የሚፈልገውን ቤት የወለል ፕላን በነፃ ይወስዳል ተብሎ ቢጻፍ፣ ወረቀቱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። በቴሌግራም በኩል ደግሞ የቻናሉ ባለቤት ለአንድ ቻናል የተለያዩ የመግቢያ ሊንኮች መፍጠርና በእያንዳንዱ ስንት ሰው እንደገባ ማየት ይችላል። አንዱን ለፌስቡክ፣ አንዱን ለቲክቶክ፣ አንዱን ለእያንዳንዱ ወኪል መስጠት በቂ ነው። በር ላይ ያለው መዝገብም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ «ስለዚህ ቀን መጀመሪያ የሰሙት ከየት ነው?»

የምሳሌው ሕንፃ ቀን አልፎ ሒሳቡ ሲደረግ እንዲህ ሆነ እንበል። ለበራሪ ወረቀቱ 12,000 ብር ወጥቶ 24 ቤተሰብ መጣ። ለማኅበራዊ ሚዲያው 9,000 ብር ወጥቶ 36 ቤተሰብ መጣ። ደላሎች 15 ቤተሰብ አመጡ። በመጀመሪያ ሲታይ አንድ ጎብኚ ቤተሰብ በበራሪ 500 ብር፣ በማኅበራዊ ሚዲያ 250 ብር ፈጅቷል። ብዙ ባለቤት እዚህ ላይ ቆሞ በሚቀጥለው ጊዜ በራሪውን ይሰርዛል።

ከአንድ ወር በኋላ ግን ውል የተፈራረሙት ሰባት ሲሆኑ፣ አራቱ በበራሪ፣ ሁለቱ በማኅበራዊ ሚዲያ፣ አንዱ በደላላ የመጡ ናቸው። አሁን ሒሳቡ ይገለበጣል። በበራሪ የተገኘ አንድ ገዢ 3,000 ብር፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘው 4,500 ብር ፈጅቷል። ርካሹ ጎብኚ ርካሹ ገዢ አልሆነም። ምክንያቱም በስልኩ አይቶ የመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ለማወቅ የመጣ ሲሆን፣ ወረቀት ይዞ የመጣው ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ ተወያይቶበት የመጣ ነው። በሌላ ከተማ ውጤቱ ሊለይ ይችላል። ምልክቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በሽታውን ለመለየት

በሥራው መካከል ችግር ቢፈጠር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቻላል። ጽሑፉን ያየው ሰው ብዙ ሆኖ የሚደውል ከሌለ፣ ጉድለቱ በማስታወቂያው ላይ ነው። ዋጋ፣ ቦታ ወይም ስፋት አልተጻፈም። ስልኩ ብዙ ተደውሎ በቀኑ የሚመጣ ከጠፋ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተምታቷል ወይም አቅጣጫው አልገባቸውም። ከጉብኝቱ በፊት ባለው ቀን ለደወሉት ሁሉ መልሶ መደወል ይህን ያድናል። ሰው በብዛት መጥቶ ከዚያ በኋላ ዝም ካለ ግን ማስታወቂያው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ዋጋው ላይ፣ አከፋፈሉ ላይ ወይም ራሱ ቤቱ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ወረቀት ማሳተም በተሰበረ እንስራ ውኃ መቅዳት ይሆናል።

ወደ ውጭ አገር ለሚተላለፍ ማስታወቂያም አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። አሜሪካ ላሉ ኢትዮጵያውያን በፌስቡክ የሚከፈልበት የቤት ማስታወቂያ በልዩ ምድብ መመዝገብ አለበት። በዚያ ምድብ ዕድሜ፣ ጾታና የፖስታ ኮድ መምረጥ አይፈቀድም። ስለዚህ «ዋሽንግተን ያሉ ጎልማሶች» ብሎ መለየት አይቻልም። ሳይመዘገብ የተላከ ማስታወቂያ ውድቅ ቢደረግ ባለቤቱ የሚያጣው ሳምንቱን ነው። በውጭ ላለው ገዢ ከተከፈለበት ማስታወቂያ ይልቅ ከቤተሰቡ የተላከለት የቻናሉ ሊንክ የበለጠ ይሠራል።

በዕለቱ ቀብድ ይወሰድ?

ጎብኚው በሞቀ ስሜት ኪሱ ውስጥ እጁን ሲሰድ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ይህ ግን ከሁሉም በላይ መጠንቀቂያው ሰዓት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መፈጸም አለበት። በደረጃው ሥር በተጻፈ ደረሰኝ ቤት አልተሸጠም።

ቀብድ በበኩሉ የራሱ ሕግ አለው። በዚሁ ሕግ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ እንደተደነገገው ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በጉብኝት ቀን ሁለት ወኪሎች ሳይነጋገሩ ለአንድ አፓርታማ ከሁለት ሰው ቀብድ ቢቀበሉ፣ ባለቤቱ አንዱን ለመተው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ከገዢ ቅድሚያ ክፍያ ስለመቀበልም በ2017 ዓ.ም. የወጣውን የሪል ስቴት ልማትና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1357 ከሕግ አዋቂ ጋር ሳያዩ ጠረጴዛ መዘርጋት አደገኛ ነው።

ስለዚህ በምሳሌው ሕንፃ በር ላይ የሚቀመጠው መዝገብ አንድ ብቻ ይሆናል። የጎብኚው ስም፣ ስልክ፣ የወደደው ቤት ቁጥርና የመጣበት ምልክት ይጻፍበታል። ገንዘብ አይነካም። ለአንድ ቤት ሁለት ሰው ከተመዘገበ ቀድሞ የተመዘገበው ቀድሞ ይጠራል። በሁለት ቀን ውስጥም ለሁሉም ይደወላል። ያመነታው ምን እንዳመነታው ይጠየቃል፣ መልሱም በዚያው መዝገብ ከስሙ ጎን ይጻፋል። ቀሪዎቹን ዘጠኝ አፓርታማዎች ለመሸጥ የሚታተመው ቀጣዩ በራሪ ወረቀት የሚጻፈው ከዚያ መዝገብ ላይ ተነሥቶ ነው።